ግሉኮስ 640፣ ፖታሲየም 3.0፦ ዲኬኤ ነው ኤችኤችኤስ? ቀድሞ የሚሰጠውስ?

ጠያቂ፦ የ58 ዓመት ሴት፣ ዓይነት 2 ስኳር ያለባት፣ ክብደቷ 60 ኪሎ፤ ሁለት ቀን ስታስመልስ ቆይታ መጣች። ራሷን ታውቃለች፣ ሽንትም አላት። ግሉኮስ 640 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ሶዲየም 128፣ ክሎራይድ 94፣ ባይካርቦኔት 12፣ ፒኤች 7.18፣ ፖታሲየም 3.0፣ የደም ኪቶን ከፍተኛ። ምርጫዎቹ ኢንሱሊን፣ ሳላይን ከፖታሲየም ጋር፣ ባይካርቦኔት እና ግማሽ ኖርማል ሳላይን ናቸው። የትኛው ይቀድማል?

ናሆም፦ ግሉኮሱ ከ600 ካለፈና ዓይነት 2 ከሆነች ኤችኤችኤስ ነው። ኪቶኑ ምግብ ባለመብላቷ የመጣ ነው። ለማንኛውም ፈሳሽ ይቅደም።

ዶ/ር ሰላም፦ ናሆም፣ ፈሳሽ ይቅደም ያልከው ልክ ነው፤ ምርመራው ግን ዲኬኤ ነው። 640 ብቻውን ሁለቱን አይለይም። ኦስሞላሊቲውን አስላው፦ 2 × 128 + 640 ÷ 18፣ ወደ 292 ይመጣል። ለኤችኤችኤስ ከ300 ማለፍ ነበረበት፤ ራሷን ማወቋም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። አኒየን ጋፑ ደግሞ 128 − 94 − 12 = 22 ነው። ጾም የሚያመጣው ኪቶን ባይካርቦኔትን እስከ 12 አያወርድም። ዓይነት 2 ያለበት ሰውም ኢንፌክሽን ሲይዘው ወይም መድኃኒት ሲያቋርጥ ዲኬኤ ይገባል።

የጥያቄው ወጥመድ ፖታሲየሙ ነው። አሲዶሲስና የኢንሱሊን እጥረት ፖታሲየምን ከሴል ወደ ደም ያወጣሉ፤ እንዲያም ሆኖ 3.0 ከሆነ የሰውነቷ ክምችት ክፉኛ አልቋል። አሁን ኢንሱሊን ብትሰጣት የቀረው ወደ ሴል ይገባና የልብ ምቷ ሊዛባ፣ የመተንፈሻ ጡንቻዋም ሊደክም ይችላል። ስለዚህ መልሱ ሳላይን ከፖታሲየም ጋር ነው። በመጀመሪያው ሰዓት 1 ሊትር ገደማ ኖርማል ሳላይን፣ ፖታሲየሙ በሰዓት ከ10 እስከ 20 ሚሊሞል፣ በልብ ሞኒተር እየተከታተልክ። ፖታሲየሙ 3.5 ሲያልፍ ኢንሱሊን በሰዓት 6 ዩኒት ትጀምራለህ፤ በየ2 ሰዓቱም ፖታሲየሙን ደግመህ ታያለህ። ባይካርቦኔት ፒኤች ከ7.0 በታች ካልወረደ አይሰጥም፤ ይባስ ብሎ ፖታሲየሙን ያወርደዋል።

ቤዛ፦ እና ግሉኮሱ 250 ሲደርስ ኢንሱሊኑ ይቆማል ማለት ነው?

ዶ/ር ሰላም፦ ጥያቄው እሱን አልጠየቀም፤ ግን አይቆምም ቤዛ። 250 ላይ ዴክስትሮስ ጨምረሽ ኢንሱሊኑን በግማሽ ትቀንሺዋለሽ። የሚታከመው ኪቶኑ ነው፤ ከቆመ ጋፑ ተመልሶ ይሰፋል።

ጠያቂ፦ እኔ የማነበው መጽሐፍ ግን ከ3.5 ይልቅ 3.3 ይላል።

ዶ/ር ሰላም፦ የ2009 መመሪያ 3.3 ነበር፣ የ2024ቱ 3.5 ይላል። 3.0 በሁለቱም ኢንሱሊን ያስቆያል።

ናሆም፦ ሂሳቡ አሳምኖኛል። ኢንሱሊኑ ሲጀመርስ በኪሎ 0.1 ዩኒት ቦለስ ይቅደም?

ዶ/ር ሰላም፦ እዚያ ላይ ሐኪሞች ይለያያሉ። ኢንፊውዥኑ ወዲያው የሚጀመር ከሆነ እኔ አልሰጥም፤ የሚዘገይ ከሆነ ይሰጥ የሚሉ አሉ።