የእንጀራ ጽሑፌን ቪዲዮ ላድርገው፤ የትኛው አንቀጽ ትዕይንት ይሁን?

ጠያቂ፦ ስለ ጤፍ እንጀራ የጻፍኩት 9 አንቀጽ አለው። ጮክ ብዬ ሳነበው 8 ደቂቃ ፈጀ፤ የምፈልገው 4 ነው። በተራ፦ 1 የጤፍ ታሪክ፣ 2 የጤፍ ዓይነት፣ 3 ማቡካት፣ 4 እርሾ ምን እንደሚሠራ፣ 5 ላዩ ላይ የቆመውን ውሃ መድፋት፣ 6 አብሲት መጣል፣ 7 አብሲት ለምን፣ 8 መጋገር፣ 9 ዓይን ያላወጣ እንጀራ። የቱን ልተው?

መላሽ አንድ፦ ምንም አትተዪ። አንድ አንቀጽ አንድ ትዕይንት ይሁን፤ 240 ሰከንድ ለ9 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 27 ሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል።

መላሽ ሁለት፦ ማሳጠሩ ልክ ነው፣ እኩል ማካፈሉ ግን አያስኬድም። ማቡካት በ15 ሰከንድ ያልቃል፣ አብሲት ግን አያልቅም። በየአንቀጹ ዳር ካሜራው የሚያየውን አንድ ግሥ ጻፊበት። 3፣ 5፣ 6 እና 8 ግሥ ያገኛሉ። 4 እና 7 ምክንያት ብቻ ናቸው፤ ለብቻቸው ትዕይንት ካደረግሻቸው የሚታየው የተናጋሪው ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ 4ን በ5 ምስል ላይ፣ 7ን በ6 ምስል ላይ አንብቢያቸው።

6 ደግሞ ሁለት ትዕይንት ነው፦

ምስል፦ ከሊጡ ተቀንሶ የፈላ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ እስኪወፍር ይማሰላል።
ድምፅ፦ «ይህ አብሲት ነው። ያለ እሱ እንጀራው ዓይኑ ያንሳል።»

ምስል፦ አብሲቱ ወደ ቡኮው ይመለሳል፤ ምስሉ ተቆርጦ ኩፍ ያለው ሊጥ ይታያል።
ድምፅ፦ «ለብ ሲል መልሱት።»

«ለብ ሲል» የሚለውን ድምፁ ካልተናገረው ተመልካቹ ከምስል ሊያውቀው አይችልም፤ ትኩሱን ይገለብጠዋል። 9ን ወደ መጀመሪያ አምጪው፦ ዓይናማውና ዓይን ያላወጣው እንጀራ ጎን ለጎን፣ 10 ሰከንድ።

መላሽ ሦስት፦ የእኔ ጽሑፍ ቃለ መጠይቅ ነው፣ ግሥ የሚባል የለውም። ምን ላድርግ?

መላሽ ሁለት፦ ያንተ ጉዳይ ሌላ ነው። እዚያ መለኪያው አንቀጹ ሳይሆን ተናጋሪው የጠቀሰው ዕቃ ወይም ቦታ ነው፤ ያንን ልትቀርጸው ካልቻልክ ድምፅ ብቻውን ይበቃዋል።

መላሽ አራት፦ አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ሊጡን ቀንሰን፣ ውሃውን አፍልተን፣ ጨምረን፣ አማስለን…» እያልሽ ካነበብሽ እጁ ማማሰል ሲጀምር ድምፁ ገና ውሃ ላይ ነው። በየ«ን» ላይ ቁረጪና ዓረፍተ ነገሩን ዝጊው፤ «ከላይ እንደገለጽነው»ንም አውጪው።

ጠያቂ፦ ታሪኩስ? 2ስ?

መላሽ ሁለት፦ 2ን ነጩ፣ ቀዩና ሰርገኛው ጤፍ በሦስት ሳህን ሲታዩ በስም ብቻ ጥሪያቸው። ታሪኩን አውጪው።

መላሽ አራት፦ እኔ አላወጣውም። ዱቄቱ ሲነፋ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሸከማል።

መላሽ ሁለት፦ የሚነፋበት ትዕይንት ካለ ይሁን፤ ለታሪኩ ብለሽ ግን አዲስ አትቅረጪ።