ካፕሽኔን ማንም ሲ ሞር ብሎ አይከፍተውም፤ ዛሬ ማታ ልለጥፍ ነው

ነጭ ቀሚስ
ሰላም፣ ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። የሐበሻ ቀሚስ ነው የምሰፋው። የፋሲካ ትዕዛዝ ቅዳሜ ይዘጋል፣ የመጨረሻውን ፖስት ማታ 2 ሰዓት ላይ እለቃለሁ። ሰው ፎቶውን ላይክ ያደርጋል፣ ሲ ሞርን ግን አይነካም። ዋጋው፣ ልኩ፣ ቦታው ሁሉ ተጽፏል። ኮሜንቱ ግን «ዋጋ?» «የት ናችሁ?» ብቻ ነው። የመጀመሪያው መስመር ይኸው፦ «ሰላም የተከበራችሁ የገጻችን ቤተሰቦች፣ እንደምን አመሻችሁ? እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሳችሁ!» ምን ልቀይር?

የፒያሳ ልጅ
ኢሞጂ ጣል አድርጊበት። እሳት፣ እሳት፣ ወደ ታች የሚያሳይ ጣት። አለቀ።

መምህር ማርኬቲንግ
እህቴ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሽያጭ ማለት ደንበኛን ማወቅ ነው። ደንበኛሽ ማን ናት? ዕድሜዋ ስንት ነው? ስልክ የምታየው በስንት ሰዓት ነው? ይህን ሳታውቂ ካፕሽን መጻፍ አይቻልም። ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ኢንስታግራም እስከ 2,200 ፊደል ያስጽፋል፣ ሳይከፈት የሚታየው ግን የመጀመሪያው 125 ፊደል ነው። ሰላምታሽን ቆጠርኩት፣ 70 እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ከሰላምታው ቀጥሎ ያለውም ይታያል ማለት ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ከሪያድ
በጣም ያምራል! ወደ ሪያድ ትልካላችሁ? ዋጋው ስንት ነው?

ገጽ ጠባቂ
ነጭ ቀሚስ፣ ኢንስታ ይሁን ፌስቡክ አልነገርሽንም። ሁለቱም እንደሆነ ልውሰድ።

መምህር፣ 125 የሚባለው ቁጥር በደፈናው ልክ ነው፣ ግን እሱን ተማምኖ መጻፍ አይቻልም። የእኛ ፊደል ከላቲኑ ሰፊ ነው፣ አንድ መስመር ላይ የሚገባው ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ኢንስታ ፊድ ላይ ካፕሽኑ የሚጀምረው ከአካውንቱ ስም ቀጥሎ ነው። ስሙ ረጅም ከሆነ የመጀመሪያው መስመር ግማሹ በስሙ ያልቃል። ስልኳ ላይ ፊደል አተልቃ የምታነብ ደንበኛ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የምታየው። በዚህ ሁሉ መሃል አንቺ ያለሽ ቦታ ለሰላምታሽ ብቻ ነው የበቃው። ሰላምታ ደግሞ ሁሉም ገጽ ላይ ስላለ፣ ከሥሩ ቀሚስ ይኑር ማስታወቂያ ይኑር የሚነግራት ነገር የለም። ለምን ትክፈተው?

«ዋጋ?» የሚለውን ኮሜንት ግን አትናቂው። ካፕሽኑን ስንት ሰው እንደከፈተው ኢንስታ ቆጥሮ አያሳይሽም። ከሥር ተጽፎ ያለውን ነገር መልሰው የሚጠይቁሽ ከሆነ አልከፈቱትም፣ ምልክቱ እሱ ነው።

አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ስልክ የሚደውሉልሽ ሰዎች ከዋጋ ሌላ አብዝተው የሚጠይቁሽ ምንድን ነው?

እማማ ባልትና
ልጄ፣ ሰላምታውን እንዳታነሺው። ሰው ቤት ሰላም ሳይባል ይገባል እንዴ? እኔ በርበሬና ሽሮ የምሸጠው ቴሌግራም ላይ ነው፣ ሰላም ብዬ ነው የምጀምረው፣ ሁሉም ያነባል።

የፒያሳ ልጅ
እማማ፣ ቴሌግራም ቻናል ላይ ጽሑፉ አይቆረጥም እኮ። ፎቶ ስር ሲሆን 1,024 ፊደል ይፈቅዳል፣ የጻፉት ሁሉ ግን እንዳለ ይታያል። የእሷ ሌላ ነው። ኢሞጂ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ነጭ ቀሚስ
@ገጽ ጠባቂ አዎ ሁለቱም ላይ ነው። አብዝተው የሚጠይቁኝ «ጥለቱ ቀለም ይለቃል ወይ?» ነው። ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ገዝተው አንዴ ሲያጥቡት ቀዩ ነጩ ላይ ፈሶባቸዋል። እኛ ክሩን ለሸማኔ ከመስጠታችን በፊት በሙቅ ውሃ ነክረን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን እናሳድረዋለን። ጠዋት ጨርቁ ላይ ቀለም ካየን ያንን ክር አንጠቀምበትም። ይህንንም ጽፌዋለሁ፣ መጨረሻው አካባቢ።

ገጽ ጠባቂ
መስመርሽ እዚያ ነው ያለው! ይህን የሚጽፍ ሌላ ገጽ አይቼ አላውቅም። እንዲህ ብትጀምሪስ፦

«ቀዩ ክር በሙቅ ውሃ ርሶ አደረ። ነጩ ጨርቅ ላይ ቀለም አልወጣም።»

ሁለት ነገር ልብ በይ። አንደኛ፣ የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች እጅ በጥንቃቄ የተሸመነ፣ በመነን ጨርቅ ላይ የተሰፋ፣ ለበዓል የሚሆን» እያልሽ ብትጀምሪ፣ ምን እንደሆነ ሳትነግሪያት ይቆረጣል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁንና ግሡ ከመቆረጡ በፊት ይድረስ። «ቀዩ» የሚለው ቃል ፊት የመጣውም ቀይ ያበላሸባት ሴት ወዲያው እንድትቆም ነው።

ሁለተኛ፣ ከፍታ ስትገባ ወዲያው ስለ ክሩ ታንብብ። ክሩን እንዴት እንደምትፈትኑት በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ዋጋ፣ ልክ፣ ቦታ፣ የቅዳሜው ቀን። የእማማ ሰላምታ ከዚያ በኋላ ይግባ፣ አይቀርም።

መምህር ማርኬቲንግ
እኔ ብሆን ምስጢሩን እደብቀው ነበር። «ቀሚስ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ካላወቃችሁ ትከስራላችሁ!» በይ። ጉጉት ነው የሚያስከፍተው። ወይም «ቀይ የምትወዱ 1፣ አረንጓዴ የምትወዱ 2 ጻፉ» በይ።

ገጽ ጠባቂ
መምህር፣ በጉጉቱ እስማማለሁ፣ በመደበቁ ግን አይደለም። ፌስቡክ ዋናውን ነገር ደብቀው ሰው የሚያስነኩ ርዕሶችን ወደ ታች እንደሚገፋ ያስታወቀው በ2014 እና በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። «1 ጻፉ፣ ላይክ አድርጉ፣ ታግ አድርጉ» ዓይነቱን ደግሞ በ2017። ያ ቢቀር እንኳ፣ «ትከስራላችሁ» ተብላ ከፍታ ዋጋ ብቻ ያገኘች ሴት ሁለተኛ አትከፍትልሽም። የክሩ መስመር ግን እውነቱን ተናግሮ «እንዴት?» የሚለውን ይተውላታል። ጉጉቱ እሱ ነው።

ሒሳብ ነሽ
ጥያቄው ራሱ ልክ አይመስለኝም። ሰው ዋጋ እየጠየቀሽ አንቺ ሲ ሞር ልታስነኪው ትደክሚያለሽ። ዋጋውንና «ሽሮ ሜዳ»ን ፎቶው ላይ ጻፊው፣ ወይም የመጀመሪያው መስመር ላይ። ሳይነካም ይገዛል። ዋጋ የሚደብቅ ሻጭ ሰልችቶናል።

ነጭ ቀሚስ
አልደበቅኩም እኮ፣ ከሥር አለ! ዋጋው በልክና በጥለቱ ስፋት ስለሚለያይ አንድ ቁጥር ፎቶ ላይ መጻፍ ይከብደኛል። ሱቁም ሽሮ ሜዳ አይደለም፣ ሸማኔዎቹ ናቸው እዚያ ያሉት።

ሒሳብ ነሽ
«ከዚህ ጀምሮ» ብለሽ ዝቅተኛውን ጻፊዋ። ያልቻለ ይለፍ፣ የቻለ ይደውል።

ገጽ ጠባቂ
ሒሳብ ነሽ ያለው ለዋጋው ይሠራል፣ መነሻውን ፎቶ ላይ አድርጊው። የመጀመሪያውን መስመር ግን ለክሩ ተዪው። ዋጋ ፊት ከመጣ ከርካሹ ጋር ብቻ ትወዳደሪያለሽ፣ ርካሹ ደግሞ ቀለም የሚለቀው ሊሆን ይችላል።

ሒሳብ ነሽ
በዚህ አልስማማም። ለፋሲካ የምትገዛ ሴት መጀመሪያ የምታየው ኪሷን ነው።

እማማ ባልትና
ይሁን፣ ሰላምታው ከሥር ይግባ። ግን አይቅር።

ገጽ ጠባቂ
አይቀርም እማማ፣ እርስዎ እንዳሉት ነው።

ነጭ ቀሚስ፣ ከመለጠፍሽ በፊት የሚታይሽን በዓይንሽ እዪ። ለሰው ያልተከፈተ ሁለተኛ አካውንት ላይ ያንኑ ፎቶና ጽሑፍ ለጥፊና ከቤት ሰው በትንሹ ስልክ፣ ፊዱ ላይ ተመልከቺው። ፕሮፋይል ገጽሽ ላይ አይደለም። «አልወጣም» ከሚለው በፊት ከተቆረጠ «በሙቅ ውሃ» የሚለውን አውጪው። መስመር እየዘለልሽም አትጀምሪ፣ ባዶው መስመርም ቦታ ይወስዳል። ከለጠፍሽ በኋላም ካፕሽኑን ኤዲት ማድረግ ይቻላል፣ ስለዚህ አትፍሪ።

ነጭ ቀሚስ
አየሁት! በእህቴ ስልክ «ነጩ ጨርቅ ላይ» ካለ በኋላ ይቆርጠዋል። አሳጠርኩት፦ «ቀዩ ክር ርሶ አደረ፣ ቀለም አልለቀቀም።» አሁን ሙሉው ይታያል። መነሻ ዋጋውንም ፎቶው ላይ ጻፍኩ። ልለቀው ነው፣ በጣም አመሰግናለሁ።

የፒያሳ ልጅ
አንድ እሳት ብቻ፣ መጨረሻው ላይ።

ከሪያድ
እኔም እኮ ካፕሽኑን አላየሁትም ነበር። ቀዩን ነው የምፈልገው። ሪያድ ይደርሳል ወይ?

ገጽ ጠባቂ
ነጭ ቀሚስ፣ ነገ ጠዋት ኮሜንቱ ምን እንደሚል ጻፊልን። ስለ ክሩ የሚጠይቅ ካለ ተነቧል ማለት ነው።

ሒሳብ ነሽ
ከትናንት ጀምሮ እየጠበቅን ነው። ስንት ታዘዘ?