ርዕሱን ለፍለጋ ልጻፈው ወይስ ለጥቆማ?

ዩቲዩብ ላይ የምግብ አሠራር ቻናል አለኝ። የአንዱ ቪዲዮ ርዕስ «የሩዝ አሠራር፦ ሳይጣበቅ እንዴት ይበስላል» የሚል ነበር። በፍለጋ የሚመጡት እስከ መጨረሻው ያዩታል። በጥቆማ ግን ብዙ ሰው ፊት ቢቀርብም የሚከፍተው ጥቂት ነው።

የሽፋን ምስሉን ሳልነካ ርዕሱን ብቻ «ሩዝዎ ለምን ይጣበቃል?» ብዬ ቀየርኩት። ከጥቆማ የሚመጣው ተመልካች ጨመረ፣ ከፍለጋ የሚመጣው ደግሞ ወረደ፤ «የሩዝ አሠራር» ብሎ የሚፈልግ ሰው ቃሉን ርዕሱ ላይ አያገኘውማ። ቪዲዮው ለወራት የሚታየው በፍለጋ ስለሆነ ይህን ማጣት አልፈልግም።

የመግለጫው የመጀመሪያ ሁለት መስመሮች፣ «ተጨማሪ» ሳይነካ የሚታዩት፣ አሁን እንዲህ ይላሉ፦ «ሩዙን ማጠብ፣ ውሃውን መለካት፣ ከእሳት ካወረዱ በኋላ 10 ደቂቃ ከድኖ ማቆየት።»

ጥያቄውን ርዕሱ ላይ ትቼ «የሩዝ አሠራር» የሚለውን በመግለጫው የመጀመሪያ መስመር ባስገባ ለፍለጋው ይበቃል ወይስ የግድ ርዕሱ ውስጥ መኖር አለበት?