ድጓ ለታሪክ ይመሰክራል ወይስ አይመሰክርም?

የአባዶ ተማሪ፦ ወገኖች፣ የሁለተኛ ዲግሪ ወረቀቴ ስለ ሙዚቃና ሃይማኖት ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን የዜማ መጽሐፍ ከድጓ መስመሮች ጠቅሼ «በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ እንዲህ ይዜም ነበር» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ዳር ላይ በቀይ «ይህ ጸሎት ነው፣ ምንጭ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የቱሉ ዲምቱው፦ አማካሪህ ልክ ነው። መዝሙር የሚደረሰው ለማመስገን ነው፤ አመስጋኝ ደግሞ ያጋንናል። ታሪክ ከፈለግክ ዜና መዋዕል አለልህ።

ብራና አገላባጭ፦ የዜና መዋዕሉ ጸሐፊስ የንጉሡን እንጀራ እየበላ አይደል የሚጽፈው? ማጋነኑ ላይ ሁለቱም አይተናነሱም። እኔ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። የጠቀስከው የትኛውን ድጓ ነው?

የአባዶ ተማሪ፦ እኛ ሰፈር ያለውን። ደብራችን ከኮንዶሚኒየሙ ጋር የመጣ ነው፣ ገና በቆርቆሮ ነው። ድጓውም የታተመው ነው።

የኮዬ ፈጬዋ፦ ይቅርታ፣ በኪቦርድ ማጀብ ይፈቀዳል አይፈቀድም ነው የሚባለው? እኛ ሰፈር በዚህ ጉዳይ ተጣልተናል።

የቱሉ ዲምቱው፦ እህቴ፣ ያ ሌላ ጠብ ነው።

ብራና አገላባጭ፦ ችግሩ እዚያ ላይ ነው፤ ጸሎት መሆኑ ላይ አይደለም። የታተመው ድጓ ብዙ ዘመን የተደራረበበት ነው። እስቲ ነሐሴ 24ን ግለጥ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ቀለም፣ ማለትም በበዓላቸው የሚዜመውን ቃል ታገኛለህ። ጻድቁ ያረፉት በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ያ ቀለም በምንም ተአምር የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሊሆን አይችልም። ካጠገቡ ያለው ገጽስ የማን ዘመን ነው? ከታተመው አታውቀውም። ሁሉም በአንድ ዓይነት የማተሚያ ፊደል ተስተካክሎ ተቀምጧል።

በእጅ የተጻፈውን ስታይ ግን ነገሩ ይፈታል። አንዳንድ ብራና ላይ የአንድ ቅዱስ ቀለም በራሱ በዋናው ጸሐፊ እጅ፣ በመስመሩ ላይ ይገኛል። ሌላው ላይ ኅዳጉ ውስጥ ተጨናንቆ፣ በቀጭን ብዕር፣ ጠቆር ባለ የብዕር ቀለም ይገባል። ሦስተኛው ላይ ጭራሽ የለም። ሦስቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጥ፣ ያ በዓል መቼ አካባቢ ወደዚያ ደብር ዜማ እንደገባ ይታይሃል። ይኼ ታሪክ ነው። ከየትኛውም ዜና መዋዕል አታገኘውም።

መርጌታ ዘለገጣፎ፦ ልጄ፣ ሊቃውንት እንደጨመሩ እኛም አንክድም። ጉባኤ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ጭማሪ ስለተገኘ ግን መሠረቱ ይፈርሳል ወይ? ቅዱስ ያሬድ አክሱም ጽዮን ላይ «ቀዳሚሃ ለጽዮን ሰማየ ሣረረ» ብሎ እንደጀመረ ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ወርዶ ነው የደረሰን። ብራና ይቃጠላል፣ ይበሰብሳል። በቃል የያዘውን ማን ያቃጥለዋል?

ብራና አገላባጭ፦ የኔታ፣ እርስዎን መቃወሜ አይደለም። በእጃችን ያሉት ጥንታዊ የድጓ ብራናዎች የ14ኛውና የ15ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ናቸው። ብራናው ዘግይቷል ማለት ቃሉም ዘግይቷል ማለት አይደለም፤ እዚያ ላይ እስማማለሁ። ግን ተማሪው ዙሪያውን እየዞረ ነው። «ድጓው የ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ያሬድ ስለደረሰው።» «ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ነበር፣ ድጓው ስላለ።» የዐፄ ገብረ መስቀል ጦር በያሬድ እግር ላይ መተከሉ፣ ዜማ ያስተማሩት ሦስቱ ወፎች፣ ይህ ሁሉ ያለው በገድሉና በስንክሳሩ ነው። ገድሉ ደግሞ ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ የተጻፈ ነው። ገድሉን የጠቀሰ ሰው ገድሉን ጠቀስኩ ይበል።

የቱሉ ዲምቱው፦ ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ምንጭ አይደለም!

ብራና አገላባጭ፦ አይደለም። የተሳሳተ ጥያቄ ከጠየቅከው ይዋሽሃል፤ ትክክለኛውን ከጠየቅከው ይመልስልሃል። የዜማ ምልክቱን ውሰድ። በትውፊቱ የድጓ ምልክት የተሠራው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ1540ና በ1559 መካከል (በአውሮፓውያን አቆጣጠር)፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ነው። የድሮዎቹ ብራናዎችም ያንኑ ያግዙታል። መስመሮቻቸው ጠባብ ናቸው፣ ምልክት እንዲቀመጥበት ታስቦ አልተጻፉም። ኋላ የመጣ ሰው በመስመሮቹ መካከል እንደ ጉንዳን እያጨናነቀ ምልክት ሲጨምርባቸው ታያለህ። ከዚያ ወዲህ የተጻፉት ላይ ደግሞ ጸሐፊው ከመጀመሪያው ቦታ ትቶላቸዋል።

ግን ተጠንቀቅ። ምልክት የለውም ተብሎ ብቻ ብራና አሮጌ ነው አይባልም። ምልክት ጨማሪ ያላገኘ የገጠር ደብር ብራናም አለ። የፊደሉን አጣጣል፣ በጸሎቱ ላይ የተጠራውን ንጉሥ ወይም ጳጳስ ስም አብረህ እይ።

መርጌታ ዘለገጣፎ፦ ምልክቱን ካነሳህ አንድ ነገር ልጨምር። ምልክት ራሱ ከቃል የተቀነጨበ ፊደል ነው። ዜማው በሚታወቅበት ቀለም ላይ ያለውን ቃል አሳጥረህ፣ ያንኑ ዜማ በሌላው ቀለም ላይ ታኖርበታለህ። ስለዚህ ቃሉን የማያውቅ ዜማውንም አያነብም። አማካሪው «ጸሎት ነው» ካለ፣ የሙዚቃው መጽሐፍ ያ ጸሎት ነው በለው።

የአባዶ ተማሪ፦ ይሄ ለወረቀቴ ዋና ነው የኔታ! ግን አንድ ነገር ጨነቀኝ። ቃሉ አሮጌ ቢሆንስ ዜማውም አሮጌ ነው ማለት ነው?

ብራና አገላባጭ፦ አይደለም፤ ሁለቱን ለያይ። ቃሉ ሳይለወጥ ዜማው ሊለወጥ ይችላል። የቤተልሔምና የአጫብር ዜማ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ቃሉ ግን በአብዛኛው አንድ ነው። ቃሉን ለዘመን፣ ምልክቱን ለዜማ፣ አፉን ደግሞ ለዛሬ ምስክር አድርግ።

ለቃሉ ጥሩ መፈተኛም አለ። ቀለሙ መዝሙረ ዳዊትን ወይም ወንጌልን ሲጠቅስ፣ ጥቅሱን ከመጽሐፍ ቅዱስ የግእዝ ትርጉሞች ጋር አስተያይ። ግእዙ በመካከለኛው ዘመን ከዐረብኛው እየታየ ታርሟል። ቀለሙ ያልታረመውን ንባብ ከያዘ፣ ከእርማቱ በፊት ሊሆን ይችላል። ግን ይህም ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ደራሲው በቃሉ የያዘውን የድሮ ንባብ ኋላም ሊጠቅስ ይችላል።

የወሎ ልጅ ከኮዬ፦ ስለ ድጓ ብዙ አላውቅም። እኛ ቤት አያቴ መንዙማ ይሉ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ሃይማኖት ቀይሩ ካሉ በኋላ ሼኽ ጠልሃ ጃዕፈር ያመጹትንና በአማርኛ ግጥም በዐረብኛ ፊደል የጻፉትን የወሎ ሰው ያውቀዋል። እሱ ምንጭ ካልሆነ ምን ይሆናል? የመንግሥቱን ወገን ብቻ እንስማ?

የቱሉ ዲምቱው፦ ያንኛው ደራሲው ይታወቃል፣ ዘመኑም ይታወቃል። ድጓ ደራሲው ብዙ ነው።

ብራና አገላባጭ፦ የመንዙማውን ግጥምም ቢሆን በማን እጅ፣ መቼ እንደተገለበጠ መጠየቅ አለብህ። መከራ የቀመሰ ሰው የጻፈው ስሜቱን ይመሰክራል፤ ቀኑንና ቦታውን ግን ከሌላ ጋር ታመሳክራለህ። ተማሪው፣ ወረቀትህ ላይ ያለውን ዐረፍተ ነገር በዚህ ተካው፦ «ይህ ቀለም በ15ኛው ክፍለ ዘመን በተገለበጠ ብራና ላይ ይገኛል፤ ትውፊት ለቅዱስ ያሬድ ይሰጠዋል።» ብራናውን በእርግጥ አይተኸው ከሆነ ነው እንግዲህ። ወመዘክርም ስድስት ኪሎም ሂድ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ ብራናዎች አሉ። አማካሪህ ቀዩን እስክሪብቶ ያስቀምጣል።

መርጌታ ዘለገጣፎ፦ «ትውፊት ይሰጠዋል» የምትለዋ አልተዋጠችልኝም። ያልደረሰውን ነው እንዴ የሚሰጡት? እኔ እዚያ ላይ አልፈርምም።

የአባዶ ተማሪ፦ የኔታ፣ ቅዳሜ ጉባኤ ቤት ልመጣ ነው። ነሐሴ 24ን አብረን እናያለን።

የኮዬ ፈጬዋ፦ ኪቦርዱስ?