«ተለቋል» ሲባል «በነፃ ተለቋል» ማለት ነው?

የአዌቱ ልጅ (ጅማ)
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር አከራከረን። ሰፈራችን የቡና መጋዘን ጠባቂ የነበረ ልጅ አለ። ጆንያዎች ጎደሉ ተብሎ በእምነት ማጉደል ተከሶ ነበር። ዋናው ምስክር ሹፌሩ ነው፤ እሱም ሳይቀርብ ቀረ። ልጁ ወደ ቤቱ ገባ። አሁን ሹፌሩ ተገኘና እንደገና መጥሪያ ደረሰው። አንድ ትልቅ ሰው «ልጁ ተለቋል፤ ደግመው ሊከሱት አይችሉም፣ ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል» አሉ። እዚህ ላይ «ተለቋል» ምን ማለት ነው?

ዘቅኔ ቤት
መልሱ «ነጻ» ላይ ነው። በጸሎቱ ጸ ይጻፍ፤ ሕገ መንግሥቱ በፀሐዩ ፀ መጻፉ ስሕተት ነው። ሥሩ «ነጽሐ» ነው፣ ንጹሕ ሆነ ማለት። ስለዚህ በነጻ የተለቀቀ ሰው ከነውሩ የነጻ ነው። የነጻ ሰው ደግሞ እንዴት እንደገና ይከሰሳል?

ወ/ሮ ጠበቃ
መሪጌታ፣ ስለ ሥሩ አልከራከርዎትም። ፍርድ ቤት ግን የሰውየውን ንጽሕና አይመሰክርም። «ዐቃቤ ሕግ አላስረዳም» ብሎ በነፃ ያሰናብታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 23 ድጋሚ መክሰስን የሚከለክለው ሰውየው «የመጨረሻ በሆነ ውሳኔ» ጥፋተኛ ከተባለ ወይም በነፃ ከተለቀቀ ነው። ከፖሊስ ጣቢያ በዋስ የወጣም በመንደር አፍ «ተለቀቀ» ይባላል። ያ አንቀጽ 23ን አይነካም።

የአዌቱ ልጅ፣ የመጨረሻው ትእዛዝ ምን እንደሚል እይልኝ። ምስክር ጠፍቶም ቢሆን ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን መዝኖ «በነፃ ይሰናበት» ካለ ልጁ ተጠብቋል። ዐቃቤ ሕግ ራሱ ክሱን አንስቶ ከሆነ ግን ፍርድ አልተሰጠም። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ክስ ማንሳት ሌላ ክስ ከማቅረብ አያግድም ይላል።

ሰሚ ፈረንጅ አራዳ
ቆይ፣ «ክስ ተነሳ» ማለት ተጀመረ ማለት አይደለም እንዴ? ጥያቄ ተነሳ፣ ጠብ ተነሳ እንደምንለው።

ወ/ሮ ጠበቃ
በችሎት ቋንቋ ክስ «ይመሠረታል»፣ «ይነሳል» ደግሞ ሲቀር ነው። ብዙ ባለጉዳይ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የሕግ ተማሪ ነበርኩ
ሁላችሁም ይግባኙን ረሳችሁት። የታችኛው ፍርድ ቤት በነፃ ካሰናበተ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ማለቱ ራሱ ድጋሚ መክሰስ ነው። አንቀጽ 23 ይከለክለዋል።

ዘቅኔ ቤት
አይደለም ወንድሜ። «ደገመ» ሁልጊዜ ሁለተኛ ጊዜ ማለት አይደለም። ዳዊት ደገመ ስንል ሁለት ጊዜ አነበበ ማለታችን ነው? አሰማ፣ ጸለየ ማለታችን ነው። ይግባኝም «ነገሩ ወደ በላይ ይግባልኝ» ነው። ያው ነገር ይቀጥላል እንጂ አዲስ አይጀመርም።

ወ/ሮ ጠበቃ
የዳዊቱን ነገር ለእርስዎ ልተወው፤ መደምደሚያው ግን ትክክል ነው። አንቀጹ «የመጨረሻ በሆነ» የሚለው ለዚህ ነው። ይግባኝ ክፍት እያለ ውሳኔው የመጨረሻ አይደለም። ዐቃቤ ሕግ በነፃ መሰናበት ላይ ይግባኝ ማለት በሕጋችን ይችላል። በአንዳንድ አገር አይችልም፤ ተማሪው ያነበበው ያንን ይሆናል።

የሕግ ተማሪ ነበርኩ
የአሜሪካንን ነበር ያነበብኩት። ይግባኙን ተቀብያለሁ። አዲስ ክስ ላይ ግን አልለቅም። ሰው በዐቃቤ ሕግ ፈቃድ ስንት ጊዜ ይመላለሳል? የአንቀጹ መንፈስ ይህን አይፈቅድም።

አባ ጅሬን
እኔም ደርሶብኛል። በነፃ ተሰናብቼ፣ ደብዳቤዬን ይዤ፣ አሠሪዬ ለዚያው ዕቃ ካሣ ክፈል ብሎ በፍትሐ ብሔር ከሰሰኝ። ይሄ ሁለት ጊዜ መቀጣት አይደለም?

ወ/ሮ ጠበቃ
አባ፣ ያሳዝናል። ግን ካሣ ቅጣት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 የካሣውን ክስ የሚያየው ዳኛ በወንጀል ችሎቱ በነፃ መልቀቅ እንደማይገደድ ይናገራል።

አባ ጅሬን
ሕጉ ይበል። እኔ የከፈልኩት ሁለት ጊዜ ነው።

የአዌቱ ልጅ (ጅማ)
ትእዛዙን አገኘሁት። በአፋን ኦሮሞ ነው። «ጋልሜን ጩፋሜራ» ይላል፣ መዝገቡ ተዘግቷል። «ቢሊሳ»፣ ማለትም ነፃ፣ የሚል ቃል አላየሁበትም።

ወ/ሮ ጠበቃ
መዝገብ በብዙ ምክንያት ይዘጋል። በነፃ ሲሰናበትም፣ ክስ ሲነሳም ይዘጋል። ከመዝጊያው በላይ ያለውን ምክንያት አንብብ። በነፃ ተሰናብቶ ከሆነ የውሳኔውን ግልባጭ አስገልብጡና ክሱ እንደተነበበ፣ የእምነት ክህደት ቃል ከመስጠቱ በፊት መቃወሚያ ያቅርብ። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 130 ይፈቅድለታል። ዝም ብሎ «ሕገ መንግሥት» ማለት አያዋጣም።

ሰሚ ፈረንጅ አራዳ
ታዲያ ሽማግሌው «ተለቋል» ያሉት ትክክል ነው ወይስ አይደለም?

ዘቅኔ ቤት
«ለቀቀ» የግእዝ ሥር አለው ወይ የሚለውን መጀመሪያ እንይ። ማስረጃ ያለው ያቅርብ።