የዕቅድ ውይይት፦ «ከ4 ሰዓት በፊት አይስጡ» ሲባል ምን ትረዳላችሁ?

አስተባባሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ማኅበራችን የመድኃኒት መመሪያ አተረጓጎም ላይ የጋራ ሐሳብ ሊያቀርብ ነው። ባለፈው እንደተስማማነው፣ ስለሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ ከምንጽፍ አንድ መመሪያ ሠርተን እናሳያለን። የመረጥነው የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕ ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ያለው። ክፍሉ ደግሞ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ላለ ልጅ የተጻፈው ነው። ዋናው ጽሑፍ የሚለው ይህን ነው፦ አንድ ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር፤ ካስፈለገ በማንኛውም 24 ሰዓት ውስጥ እስከ 4 ጊዜ፤ በመሃል ቢያንስ 4 ሰዓት። ከዚያ ማስጠንቀቂያ ይከተላል።

የመጀመሪያው ረቂቅ የኔ ነው። አትራሩልኝ፦

«በየ4 ሰዓቱ 5 ሚሊ ሊትር ይስጡ። በቀን ከ4 ጊዜ አይበልጥ።»

ፋርማሲስቱ፦
እሺ፣ አልራራም። «በየ4 ሰዓቱ» የምትለዋን ብቻ ያነበበ ሰው ምን ያደርጋል? ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ከዚያ ቀን 6፣ ቀን 10፣ ማታ 2፣ ሌሊት 6፣ ሌሊት 10። ስድስት ጊዜ ሆነ። 30 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ 720 ሚሊ ግራም። የተፈቀደው ግን 20 ሚሊ ሊትር፣ 480 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ቢሆን እንኳ ጥሩ አይደለም። ትኩሳቱ ሦስት አራት ቀን ከቆየ ደግሞ በየቀኑ እየተደራረበ ይሄዳል።

4 ሰዓት የተባለው ዝቅተኛው ክፍተት ነው። «ከዚህ አታፍጥን» ማለት እንጂ «ሰዓቱ ሲደርስ ስጥ» ማለት አይደለም። ረቂቁ ገደቡን ፕሮግራም አድርጎታል።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ ገና መግባቴ ነው። የሐኪሞች መዝገበ ቃላት ነው የምናዘጋጀው? ከሆነ መጀመሪያ ለፓራሲታሞል የአማርኛ ስም ማውጣት አለብን እላለሁ። «ትኩሳት አብራጅ» እንዴት ነው?

አስተባባሪዋ፦
እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። መዝገበ ቃላት አይደለም፤ ወላጅ ቤቱ ሆኖ የሚያነበው ወረቀት ነው። ስሙን ግን ባንነካው ይሻላል። ማስጠንቀቂያው «ሌላ ፓራሲታሞል ያለበት መድኃኒት አብረው አይስጡ» ይላል። ወላጅ በሌላው ጠርሙስ ላይ የሚፈልገው ያንኑ ስም ነው። እኛ «ትኩሳት አብራጅ» ካልነው፣ የጉንፋኑ ሽሮፕ ላይ «ፓራሲታሞል» የሚለውን አይቶ ሌላ ነገር ይመስለዋል።

አዲስ አባል፦
ገባኝ፤ ተውኩት።

ነባሩ ተርጓሚ፦
የፋርማሲስቱ ስሌት ትክክል ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ «በየ» የምትለዋን አውጥቶ ገደቡን በገደብነቱ መጻፍ። እኔ እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

«አንድ ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር ይስጡት። ካስፈለገ ይድገሙ፤ ነገር ግን ከ4 ሰዓት በፊት አይስጡ። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ አይስጡ።»

ከዚያ ዋናውን ያላየ ሌላ ተርጓሚ ወደ ምንጩ ቋንቋ ይመልሰው። የተመለሰው ከዋናው ጋር ከገጠመ ሥራው አለቀ። ስንት ዓመት እንዲህ ሠርተናል።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንዳይቀየሙኝ። የእርስዎን ረቂቅ ትላንት ማታ ለአንዲት ጎረቤቴ ሰጠኋት። የ1 ዓመት ልጅ እናት ናት፤ በደንብ ታነባለች። አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት፦ «ለልጁ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰጠሽው፤ ቀጣዩን ከስንት ሰዓት ጀምሮ መስጠት ትችያለሽ?»

«ከ4 ሰዓት» አለችኝ።

መጀመሪያ ልክ የመለሰች መሰለኝ። «ለምን 4 ሰዓት?» ስላት ወረቀቱን በጣቷ ነካች። «ከ4 ሰዓት በፊት አይስጡ ይላል እኮ። ረፋድ 4 ሰዓት እስኪሆን እጠብቃለሁ።» በሦስት ሰዓት ልዩነት ልትደግመው ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሰጥታው ቢሆንስ? በአንድ ሰዓት ልዩነት!

ፋርማሲስቱ፦
ኧረ! ይህንን ሃምሳ ጊዜ ባነበው አይታየኝም ነበር።

ነባሩ ተርጓሚ፦
ልክ ነሽ ልጄ፤ ለምን እቀየማለሁ። «4 ሰዓት» የሰዓት ቁጥርም ነው፣ የጊዜ ርዝመትም ነው። ተመልሶ ቢተረጎም አይያዝም ነበር፤ ተርጓሚው ዐውዱን ስለሚያውቅ ቀጥታ ወደ ርዝመቱ ይወስደዋል። ወረቀቱ ላይ ይገጥማል፣ ቤት ውስጥ ይሳሳታል። ቢሆንም መመለሱን አልተወውም። የተዘለለ ቁጥርና የወደቀ «አይ» ለመያዝ ከሱ የተሻለ የለም።

አስተባባሪዋ፦
ስለዚህ ሁለቱም በሐሳባችን ውስጥ ይግቡ፤ መጀመሪያ መመለሱ፣ ቀጥሎ የነርሷ ዓይነት ጥያቄ። ዓረፍተ ነገሩን ግን ምን እናድርገው?

ነርሷ፦
«ከሰጡት በኋላ ሙሉ 4 ሰዓት ሳይሞላ አይድገሙ» ብዬ ለሌሎች ሦስት ሰዎች አሳየሁ። ሦስቱም በትክክል ቆጠሩ። «ሙሉ» እና «ሳይሞላ» ናቸው ሥራውን የሠሩት። የሰዓት ቁጥር አይሞላም፤ ጊዜ ነው የሚሞላ።

«በቀን» ላይም ቅር ያለኝ ነገር አለ። አንዱ አባት «ሌሊትስ?» አለኝ። «ቀን 4 ጊዜ ሰጥቼ ሌሊት ቢነሳበት ሌላ ቁጥር ነው?» ለሱ ቀን ማለት ብርሃን ያለበት ነው።

ፋርማሲስቱ፦
ቀን ከንጋት 12 ሰዓት ይጀምራል ብሎ የሚቆጥርም አለ። ያ ሰው ጠዋት 2 ጀምሮ ማታ 2 ላይ አራቱን ጨረሰ እንበል። ሲነጋ 12 ሰዓት ላይ «አዲስ ቀን» ብሎ ቢሰጥ በ22 ሰዓት ውስጥ አምስተኛው ነው። ምንጩ «በማንኛውም 24 ሰዓት ውስጥ» ያለው ለዚህ ነው። እኔ እንዲህ እላለሁ፦

«ቀኑንም ሌሊቱንም ቆጥረው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ በላይ አይስጡት። 4 ጊዜ ከሰጡ፣ የመጀመሪያውን ከሰጡበት ጊዜ ጀምሮ ሙሉ 24 ሰዓት እስኪሞላ ይጠብቁ።»

ነባሩ ተርጓሚ፦
ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በዋናው ውስጥ የለም። እኛ ተርጓሚዎች ነን፤ ትእዛዝ አንጨምርም።

ፋርማሲስቱ፦
በሐሳብ አለ እኮ ጋሼ። «ማንኛውም» የምትለው ቃል ተዘርግታ ነው።

ነባሩ ተርጓሚ፦
ዛሬ ይህን የዘረጋ ሰው ነገ ሌላ ይዘረጋል። ቢያንስ የመመሪያው ባለቤት አይቶ በጽሑፍ ይፍቀድ።

አስተባባሪዋ፦
ይህን ክፍት እተወዋለሁ። በሐሳቡ ላይ «ከዋናው የሰፋ ዓረፍተ ነገር ምልክት ይደረግበታል፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይታተምም» ብዬ እጽፋለሁ። ካልጣማችሁ ተናገሩ።

የሕግ ተርጓሚው፦
እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም፤ የማውቀው የቤቴን ጉድ ነው። ልጄ ሲያመው «5 ሚሊ ሊትር» የሚለውን አይቼ የሻይ ማንኪያ አነሳሁ። ለአማርኛም «አንድ የሻይ ማንኪያ» ይቀላል፤ ለምን እንደዛ አንጽፍም? ብዬ ልሟገት ነበር። ከመጻፌ በፊት ግን ወጥ ቤት ገብቼ ሦስት ማንኪያ በሲሪንጅ ለካሁ። አንዱ 3 ተኩል፣ አንዱ 4፣ ትልቁ ወደ 7 ሚሊ ሊትር ያዘ። ሦስቱንም ቤታችን «የሻይ ማንኪያ» ነው የምንላቸው። ሙግቴን አንስቻለሁ።

ነርሷ፦
ተባረክ። «ከመድኃኒቱ ጋር በመጣው መለኪያ 5 ሚሊ ሊትር» ይባል። አደራ፣ «5 ሚሊ» ተብሎ እንዳይቆረጥ። ሰው ሚሊ ግራሙንም ሚሊ ሊትሩንም «ሚሊ» ነው የሚለው። ጠርሙሱ ላይ 120 እና 5 ጎን ለጎን አሉ፤ «120 ሚሊ» ያለች እናት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከ3 እስከ 6 ወር ላሉት 2.5 ሲሆን ደግሞ ነጥቧ ትጠፋለች፤ 25 ይሆናል። እዚያ ላይ ቁጥሩን ጽፈን በፊደል «ሁለት ተኩል» እንጨምርበት። «ሁለት ነጥብ አምስት» የሚል ወላጅ አላጋጠመኝም።

አዲስ አባል፦
እኔ ማስጠንቀቂያውን ሞክሬያለሁ። «ከመጠን በላይ ከሰጡና ልጁ ካመመው፣ ሐኪም ቢያማክሩ መልካም ነው።» ትሕትና ያለው እንዲሆን ብዬ ነው።

ፋርማሲስቱ፦
ወንድሜ፣ ትሕትናህን አደንቃለሁ፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ልጁን ይጎዳዋል። ዋናው የሚለው «ልጁ ደህና ቢመስልም እንኳ ወዲያውኑ» ነው። «ካመመው» ስትል ተገለበጠ። ፓራሲታሞል ሲበዛ ልጁ መጀመሪያ ላይ ሲጫወት ሊውል ይችላል። የጉበቱ ጉዳት ምልክት የሚታየው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ማርከሻው ደግሞ በደንብ የሚሠራው ከተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። እስኪያመው የጠበቀ ወላጅ ያንን ጊዜ ጨረሰው።

አዲስ አባል፦
ይህን አላውቅም ነበር። እንዲህስ? «ከተፈቀደው በላይ ከሰጡት፣ ልጅዎ ደህና ቢመስልም እንኳ፣ ሳይቆዩ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።»

ነባሩ ተርጓሚ፦
ጥሩ አማርኛ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ ዋናው «ሐኪም ያነጋግሩ» ነው እንጂ «ይውሰዱት» አይልም። ስልክ መደወልም ማነጋገር ነው።

ነርሷ፦
ስልኩን የሚያነሳ ካለ ነው ጋሼ።

አስተባባሪዋ፦
«ወዲያውኑ ሐኪም ያነጋግሩ» ይሁን፤ ነርሷ ያነሳችውን ለባለቤቱ ጥያቄ አድርገን እንልካለን። «ቢያደርጉ መልካም ነው»፣ «ባይሰጡ ይመረጣል» የሚሉትን ግን ዋናው «አታድርጉ» ባለበት ቦታ ሁሉ እናስቀራለን። አክብሮቱ በ«ይስጡ» እና «አይስጡ» ውስጥ አለ።

የቀረን ስንት ሰው እንጠይቅ የሚለው ነው።

ፋርማሲስቱ፦
የአውሮፓ ኅብረት ለመድኃኒት ወረቀቶች ያወጣው መመሪያ በ10፣ 10 ሰው ሁለት ዙር ይላል። ከ20ው ቢያንስ 16ቱ እያንዳንዱን መልስ አግኝተውም ተረድተውም መሆን አለበት። እሱን ብንይዝ?

ነርሷ፦
ቁጥሩ ይሁን። ግን ለኛ መጠን ጥያቄ 16 በቂ ነው ብዬ አላምንም። የቀሩት አራቱ «ከ4 ሰዓት በፊት»ን እንደ ጎረቤቴ ያነበቡ ቢሆኑስ? በመጠንና በሰዓት ላይ ሁለት ሰው በአንድ ዓይነት መንገድ ከተሳሳተ ዓረፍተ ነገሩ ይቀየር። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ጮክ ተብሎ ይነበብለት፤ በጆሮ የሚሰማው ሌላ ነው።

አስተባባሪዋ፦
ሁለቱንም አስገባለሁ፤ ቁጥሩ ላይ ሐሙስ ድምፅ እንሰጣለን። ነርሷ፣ አምስት ጥያቄ ጻፊልን፤ «ጠዋት 1 ሰዓት ሰጠሽው» ያልሽው አንደኛው ይሁን። ጋሼ፣ ወደ ምንጩ የሚመልስልን ሰው እርስዎ ይምረጡ፤ ይህን ውይይት ያላነበበ ይሁን።

የሕግ ተርጓሚው፦
ሲሪንጁ እኔ ጋ ነው። ሌላ ማንኪያ የሚለካ ካለ ላውሰው።