የማላውቀው ተቀናሽ ስቴትመንቴ ላይ አለ፣ ለባንኩ ላመልክት ወይስ ልጠብቅ?

ሰላም ለሁላችሁ። የካርዴ ስቴትመንት ላይ ሦስት ፊደል፣ ከዛ * ምልክት፣ ከዛ መሃሉ ላይ የተቆረጠ ስም ያለው ተቀናሽ አየሁ። ያለፈውን ወር ስገልጥ እዛም ቁጭ ብሏል፣ በሳንቲም ብቻ ይለያያል። ምንዛሪ ይሆናል፣ በውጭ ገንዘብ የሚከፈል ነገር ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

ኢሜይሌን በስሙ ፈተሽኩ፣ ምንም የለም። ስቴትመንቱ ላይ ያለው ቀን ሂሳቡ የተወራረደበት ስለሆነ፣ ሁለት ሦስት ቀን ወደኋላ ሄጄ ደረሰኝ ፈለግኩ። አሁንም የለም። በመጨረሻ ያገኘሁት ከሦስት ወር በፊት በነጻ የሞከርኩትን የፎቶ አፕ ነው። አፑን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ፣ ምዝገባውን ግን መሰረዜን እንጃ (ሁለቱ አንድ ይመስለኝ ነበር)። ስሙ ደግሞ ከተቆረጠው ጋር በግልጽ አይገጥምም።

ለአፑ ድርጅት ከጻፍኩ አራት ቀን ሆነኝ፣ መልስ የለም። ባንኩ «አላውቀውም ካልክ ካርዱን ዘግተን አዲስ ቁጥር እንሰጥሃለን» አለኝ፣ ያኔ በዚሁ ካርድ የሚቆረጡ ሌሎች ክፍያዎቼ ሁሉ ይቆማሉ። የራሴ ምዝገባ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ አቤቱታዬ ውድቅ ነው። ማመልከቻ ለማስገባት 19 ቀን ቀርቶኛል።

እናንተ ብትሆኑ የድርጅቱን መልስ ትጠብቃላችሁ ወይስ አሁኑኑ «አላውቀውም» ብላችሁ ታመለክታላችሁ?